ቀይ ቀበሮ ከባሌ ቢጠፋ ሣሩ በእርግጥ ያልቃል?

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ምግብ መረብ ሳስተምር የባሌን ተራሮች ምሳሌ አደርጋለሁ፦ ሣር፣ አይጥ፣ ቀይ ቀበሮ። “ቀይ ቀበሮ ቢጠፋ ምን ይሆናል?” ብዬ ስጠይቅ የምጠብቀው መልስ “አይጡ ይበዛል፣ ሣሩ ያልቃል፣ ከብቱ ይራባል” የሚል ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ “በምን እናውቃለን? አይጡን ጭልፊት አይበላውም?” አለችኝ። አጥጋቢ መልስ አጣሁ። ሥዕሉ ላይ ካሉት ቀስቶች ተነስቶ እንዲህ ያለውን ነገር መተንበይ የሚቻለው እንዴት ነው?

ምላሽ፦

መምህር፣ ተማሪዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋለች። በሥዕሉ ላይ ያሉት ቀስቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውፍረት ስላላቸው እኩል የሚመዝኑ ይመስላሉ። ቀስት የሚነግረን ግን ማን ማንን እንደሚበላ ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ አይናገርም። ከእንዲህ ያለ ሥዕል ትንበያ ማውጣት የመንገድ ካርታ አይቶ በየትኛው መንገድ ስንት መኪና እንደሚያልፍ ለመናገር እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀስቶቹ ላይ ቁጥር መጻፍ ነው። የባሌ ምሳሌዎ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ አምባ ላይ የበላተኛውም የተበላውም ዓይነት ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ግን “አይጥ” የሚለውን ቃል መፍታት አለብን። ቀይ ቀበሮ በባሌ የሚኖረው በዋናነት በሦስት የአይጥ ዘመዶች ላይ ነው። ሁለቱ መቶ ግራም አካባቢ የሚመዝኑ የሣር አይጦች ናቸው። ሦስተኛው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ይህ እንስሳ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል፣ ዓይኖቹም ወደ አናቱ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ቅጠል ያጭዳል፣ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ከዚያም የጉድጓዱን አፍ በአፈር ይደፍናል። ከምድር በላይ የሚታየው በቀን ለአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቀበሮው የሚያደባው ለዚያች አንድ ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በአብዛኛው ከኩስ ነው። የቀበሮ ኩስ ይሰበሰባል፣ ይደርቃል፣ ይበተናል፣ በውስጡ ያለው ጥርስና ፀጉር በአጉሊ መነጽር ይለያል። በባሌ በተደረገው የረጅም ጊዜ ጥናት በኩስ ውስጥ ከተገኘው የታዳኝ ቅሪት 95 በመቶ ያህሉ የአይጥ ወገን ነበር። እዚህ ላይ እኔም በወጣትነቴ የሠራሁትን ስህተት ልንገርዎ። “በስንቱ ኩስ ውስጥ ተገኘ” የሚለውን ቆጥሬ የሣር አይጥ ከፍልፈል እንደሚበልጥ ጽፌ አስረከብሁ። አለቃዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ “አንድ ፍልፈል ስንት አይጥ ይሆናል?” ሰባት ያህል ይሆናል። ድግግሞሹ ወደ ክብደት፣ ክብደቱ ወደ ኃይል ሲለወጥ ደረጃው ተገለበጠ፤ ከሁሉም ትልቁን ድርሻ የያዘው ፍልፈሉ ሆነ። ተማሪዎችዎ ከምግብ ዝርዝር ተነስተው ቀስት ሲስሉ ይህ ስህተት አድብቶ ይጠብቃቸዋል።

አሁን ቁጥሮቹን እንጻፍ። የማቀርበው የራሴ ግምታዊ ስሌት ነው፤ ሰሌዳ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። መነሻችን አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ጥሩ የአይጥ መሬት ይሁን። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የአይጦቹ ጠቅላላ ክብደት በሄክታር ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ነው። እኛ 20ን እንያዝ፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 2,000 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ግማሹን ለፍልፈል፣ ግማሹን ለሣር አይጦቹ እንስጥ። 1,400 ያህል ባለ 700 ግራም ፍልፈሎችና 10,000 ባለ 100 ግራም አይጦች ይሆናሉ።

አንድ እንስሳ በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ትንሽ አካል በእያንዳንዱ ግራም ከትልቅ አካል የበለጠ ያቃጥላል። ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 በአካል ክብደትና በኃይል ፍላጎት መካከል ባወጣው ግንኙነት መሠረት የእረፍት ፍላጎቱን አስልተን፣ ለሚሯሯጥ የዱር እንስሳ በሦስት፣ አብዛኛውን ቀን ጉድጓድ ውስጥ ለሚያሳልፈው ፍልፈል ደግሞ በሁለት ብናባዛው ለአንድ የሣር አይጥ 37፣ ለአንድ ፍልፈል 107 ኪሎ ካሎሪ ገደማ በቀን ይደርሰናል። ሁሉንም ስንደምር የካሬ ኪሎ ሜትሩ አይጦች በቀን ከ500,000 ኪሎ ካሎሪ ትንሽ የሚበልጥ ኃይል ይጠቀማሉ። ለገበሬው ልጅ በሚገባው መንገድ ልበለው፦ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 60 ያህል ከብቶች የሚያስፈልጋቸውን ያህል። ተራራው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ጥቂት ከብት ነው፤ ዋናው መንጋ ከእግሩ ሥር ነው።

የቀበሮውስ? 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀበሮ በተመሳሳይ ስሌት በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። በኩስና በሽንት የሚባክነውን ስንጨምር 1,900 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ሥጋ ማደን አለበት፤ አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ነው። በጥሩው የባሌ መሬት ላይ በካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረው አንድ ቀበሮ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ የቀስቱ ቁጥር ይኸው 1,900 ነው። ከአይጦቹ 500,000 አጠገብ ስታስቀምጡት በሺህ አራት እንኳ አይሞላም።

“ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያልፈው 10 በመቶ ነው” የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ሕግ የት ሄደ ይሉኝ ይሆናል። የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን ነው፤ በሚኒሶታ የሚገኝን አንድ ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ የጻፈው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመው እሱ በ26 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ነበር። የ10 በመቶው ቁጥር የብዙ ሥርዓቶች ድፍን አማካይ እንጂ ሕግ አይደለም። በተለይ ደመ ሙቅ እንስሳ ላይ ይሳሳታል። አይጥ ከሚፈጨው ምግብ አብዛኛውን ሰውነቱን ለማሞቅ ያቃጥለዋል፤ አዲስ ሥጋ የሚሆነው፣ ማለትም እድገትና ግልገል የሚሆነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ነው። በባሌው የሳነቴ አምባ ውርጭ ሌሊት ይህን ማሰብ አያስቸግርም። ሁለት በመቶን ብንወስድ ከ500,000 ኪሎ ካሎሪ ውስጥ በቀን ወደ አይጥ ሥጋነት የሚለወጠው 10,000 ብቻ ነው። በላተኞች ሁሉ ቆመው የሚከፋፈሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ ቀበሮው ከ10,000 ውስጥ 1,900ውን ይወስዳል፤ አንድ አምስተኛ ለመሙላት ትንሽ የሚቀረው። የቀረው አራት አምስተኛ ወዴት ይሄዳል? የተማሪዎ ጭልፊት የሚገባው እዚህ ነው። በባሌ አምባ ላይ ጭልፊቶችና ንስሮች ዓመቱን ሙሉ አይጥ ያድናሉ፤ በአውሮፓና በእስያ ክረምት ሲሆን ደግሞ ከሰሜን የሚመጡ ንስሮች ይጨመራሉ። ከእነሱ የተረፈው በብርድ፣ በበሽታ፣ በደረቁ ወራት በሚከሰት ረሃብ ይሞትና ወደ አፈር ይመለሳል። ከሥዕሎቻችን ላይ ዘወትር የሚጎድለው ይህ የመጨረሻው ቀስት ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚወፍር መሆኑ ያስገርማል።

ወደ ትንበያው እንምጣ። ነገ ጠዋት ቀበሮው ባይኖር በቀን አንድ ኪሎ ከሩብ የአይጥ ሥጋ ከጥርስ ያመልጣል። ያመለጠው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በሕይወት ቢቆይ 450 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በ2,000 ላይ ሩብ የማይሞላ ጭማሪ ነው። ይህ እንግዲህ የዓመቱ ጣሪያ ነው። በእውነቱ ካመለጡት ውስጥ ከፊሉን ጭልፊቱ ይወስዳል፣ ከፊሉ በደረቁ ወር ምግብ ሲያጥር ይሞታል፣ የተጨናነቁት እናቶችም ያነሰ ይወልዳሉ። ቀበሮ የበላው አይጥ ሁሉ ቀበሮ ባይኖር ኖሮ ይኖር ነበር ብሎ ማሰብ ከባድ ስህተት ነው፤ ብዙው በሌላ ምክንያት መሞቱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ የእኔ ትንበያ እንዲህ ነው፦ አይጡ በመጠኑ ይጨምራል፣ አዳኝ ወፎች ይጠቀማሉ፣ ሣሩ ግን አያልቅም።

ባሌ ይህን ፈተና ሳንመኘው ደጋግሞ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 እና 2004 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል። በወብ ሸለቆ በሁለተኛው ወረርሽኝ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። ሸለቆው ግን ባዶ ሜዳ አልሆነም፤ የተረፉት ቀበሮዎችም ከዓመታት በኋላ ተዋልደው ቁጥራቸው አንሰራርቷል። ይህ ማስረጃ ገደብ አለው፤ ሩብ ያህሉ ቀበሮ ቀርቷል፣ ጊዜውም አጭር ነበር። ቢሆንም መጽሐፉ ከሚጠብቀው ጥፋት ይልቅ ወደ እኛ ስሌት ያደላል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው “እንግዲያው ቀጭን ቀስት ምንም አያመጣም” ብሎ ቢደመድም ወደ ሌላው ጉድጓድ ይወድቃል። በአላስካ በስተ ምዕራብ ባሉት የአሉሺያን ደሴቶች ዳርቻ የባሕር ኦተር የሚባል አጥቢ እንስሳ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥሩ ባሽቆለቆለ ጊዜ ይመገባቸው የነበሩት፣ የባሕር ጃርት የሚባሉት እሾሃማ ትንንሽ እንስሳት በዝተው ኬልፕ የተባለውን የባሕር ውስጥ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራርገው በሉት። ያለቀው ኬልፕ ወደ ኦተሩ ሆድ ከሚገባው ኃይል ጋር የማይመጣጠን ነበር። ታዲያ እዚያ የሆነው ለምን በባሌ አይሆንም? ኦተር በቀን የሰውነቱን ክብደት ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያህል ይበላል፤ ቀበሮው ከአሥራ ሁለት አንድ ገደማ ነው። በዚያ ዳርቻ የባሕር ጃርት ሌላ ብርቱ ጠላት አልነበረውም፤ የባሌ አይጥ ግን ከሰማይም ይመጣበታል። ከሁሉ በላይ የባሕር ጃርት ምግብ ሲያጣ ቶሎ አይሞትም፤ ኃይሉን ቆጥቦ ለዓመታት ይጠብቃል፣ ብቅ ያለውን ቡቃያ ሁሉ ይግጣል። አይጥ ግን ደመ ሙቅ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ረሃብ ያልቃል፤ ሣሩን ከማጥፋቱ በፊት ራሱ ይጠፋል። የባሌ ሣርም ሥሩ ከመሬት ውስጥ ስለሆነ ቢታጨድ መልሶ ይበቅላል፤ ኬልፕ ግን ከዓለቱ ጋር የተያያዘበት ግርጌ ከተቆረጠ ተንሳፍፎ ይሄዳል። የቀስቱን ውፍረት ካወቅን በኋላ መጠየቅ ያለብን እንዲህ ያለውን ነው፦ ታዳኙን የሚያቆመው ሌላ ነገር አለ ወይስ የለም?

ጥያቄውን ለተማሪዎችዎ ቢገለብጡት የተሻለ ትምህርት የሚገኝ ይመስለኛል፤ ቀበሮውን ትተው ፍልፈሉን ያጥፉት።

በኃይል ስሌት ብቻ ከሄድን ፍልፈሎቹ ከ500,000ው ውስጥ 150,000 ያህሉን ይጠቀማሉ። እነሱ ሲጠፉ ያ ሁሉ ቅጠል ለሣር አይጦችና ለከብት ይተርፋል። የሣር አይጦቹ ድርሻውን ቢወስዱ ቀበሮው በኪሎ ካሎሪ ረገድ ምንም አላጣም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሒሳቡ ይዘጋል። ቀበሮው ግን ወረቀት አይበላም። አንድ ኪሎ ከሩብ ሥጋ ለማግኘት ሁለት ፍልፈል ይበቃዋል፤ የሣር አይጥ ከሆነ ግን አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ጊዜ አድብቶ፣ ዘልሎ፣ ስቶ፣ እንደገና መሞከር አለበት። በቡድን የሚኖረው ቀይ ቀበሮ አደን የሚወጣው ለየብቻው ስለሆነ አጋዥ የለውም። እያንዳንዱ ዝላይ ኃይል ያስከፍለዋል፣ የቀኑ ብርሃንም የተወሰነ ነው። ስለዚህ ቀበሮው አይጠፋም፤ ይሳሳል። ይህን በግምት አልተናገርሁም፤ ግዙፉ ፍልፈል ፈጽሞ በሌለበት በሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ በሌሎች ትንንሽ አይጦች እየኖረ ነው። በባሌ ውስጥም ምግብ በሞላበት መሬት አንድ ቡድን 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበቃው፣ ታዳኝ ባነሰበት አካባቢ የግዛቱ ስፋት ከእጥፍ በላይ፣ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የትንበያዬ መለኪያ እንግዲህ የግዛት ስፋት ነው፦ ፍልፈሉ ሲያልቅ የቀበሮ ሞት ከመቆጠሩ በፊት የቡድኖቹ ድንበር ይሰፋል፣ የቡድኑ አባላት ያንሳሉ።

ከዚያ ደግሞ በኪሎ ካሎሪ የማይጻፍ ነገር አለ። ፍልፈል አፈር ያርሳል። ከታች ያለውን አፈር ወደ ላይ ያወጣል፣ ክምር ይሠራል፣ በክምሩ ላይ የሚበቅለው ተክል ካልታረሰው መሬት ይለያል፣ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የሣር አይጦች ይገባሉ። ሲቆፍር የሚወጣውን ነፍሳት ለመልቀም አጠገቡ የምትዞር ትንሽ ወፍ እንኳ አለች። ይህ ሁሉ በምግብ መረቡ ላይ ቀስት የለውም፤ ማንም ማንንም አልበላምና። ፍልፈሉ በጠፋ ማግስት ምንም አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ጉድጓዱ ይደረመሳል፣ አፈሩ ይጠጥራል፣ የሣር አይጡም መጠለያ ያጣል። በመጀመሪያው ዓመት “ትርፍ ቅጠል አገኘ” ያልነው አይጥ በአሥረኛው ዓመት ከተጎጂዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ተማሪ ትንበያ ሲጽፍ “በስንት ጊዜ ውስጥ?” ብለው ያስገድዱት፤ ጊዜ ያልተጻፈበት ትንበያ ሊፈተሽ አይችልም።

በነገራችን ላይ በዚህ መረብ ውስጥ የቀበሮውን ቦታ በአንድ ወቅት ሰው ይዞት ነበር። ፊንጫ ሀበራ በተባለው የባሌ ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ዋና ሥጋቸው የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል ነበር፤ የተቃጠለው አጥንት ተቆፍሮ ወጥቷል። ይህን ሲሰሙ ክፍልዎ ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ካለ የሚነቃ ይመስለኛል።

የቀረኝ የስሌታችን ደካማ ጎን ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሰጋኝ ያ ሁለት በመቶ ነው። ትክክለኛው አንድ በመቶ ቢሆን የአይጥ ሥጋ ምርቱ ወደ 5,000 ይወርዳል፣ የቀበሮው ድርሻም ወደ አርባ በመቶ ገደማ ይዘላል፤ ያን ጊዜ “ቀበሮው ቢጠፋ አይጡ በመጠኑ ይጨምራል” የሚለው ቃሌ አሁን ባለው ድፍረት ሊባል አይችልም። ሦስት በመቶ ቢሆን ደግሞ ድርሻው ወደ አሥራ ሦስት በመቶ ይወርድና ትንበያዬ ይጠነክራል። ተማሪዋ ሦስቱንም በራሷ እጅ ትሥራው፤ ከዚያ ጭልፊቱን የራሱን ቁጥር ሰጥታ ታስገባው። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭልፊት በተመሳሳይ ስሌት በቀን 210 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። የቀበሮውን ቦታ ለመሙላት ስንት ጭልፊት በካሬ ኪሎ ሜትሩ ላይ መጨመር እንዳለበት ስታገኝ፣ ለጥያቄዋ እኔ ከሰጠሁት የተሻለ መልስ ይዛ ትመጣለች።